ደመወዙ ከእጥፍ በላይ አደገ፣ ጡረታው ግን በ1,000 ብር ብቻ፦ የአንድ የቅጥር ደብዳቤ ጉዳይ ጥናት

ሰውየውና ደብዳቤው

ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የድርጅቶቹንም ስም እንደዚሁ። ዕድሜያቸው 56 ነው። ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ዓ.ም. በግል ድርጅቶች በመጋዘን ሥራ ቆይተዋል። ሲደመር 22 ዓመት አገልግሎት ማለት ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ፔይሮል እሠራለሁ። ይህን ስለሚያውቁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፌስታል ይዘው ቤት መጡ። ፌስታሉ ውስጥ የዓመታት የደመወዝ ወረቀት በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ከላይ ደግሞ አዲስ የቅጥር ደብዳቤ አለ።

«ልጄ፣ ሰኞ ልፈርም ነው። እስቲ አንቺ ደግሞ እይልኝ» አሉ።

የነበሩበት ሥራ መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር ነበር፤ አበል የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ላይ 2,250 ብር የደመወዝ ግብርና 840 ብር ጡረታ ተቆርጦ እጃቸው የሚገባው 8,910 ብር ነው። አዲሱ ደብዳቤ በጠቅላላ 27,000 ብር ይላል። ሦስት መስመር አለው፦ መሠረታዊ ደመወዝ 14,000፣ የቤት አበል 8,000፣ የኃላፊነት አበል 5,000።

ባለቤታቸው በስልክ እልል ብለዋል አሉኝ። እኔም ብሆን በመጀመሪያ እይታ ደስ ነበር ያለኝ። ዓይኔ የቆመው ግን 14,000 የምትለዋ ላይ ነው።

መዋጮው እንዴት ይሰላል?

የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ሕግ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አሁን የሚሠራበት በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ነው። መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ድምሩ 18 በመቶ ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የምን 18 በመቶ እንደሆነ ነው። መዋጮው የሚሰላው ሠራተኛው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሠራው ሥራ ከሚከፈለው የወር ደመወዝ ላይ ነው፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ግብር ግን አበሉንም ይነካል። አንዳንድ አበል፣ ለምሳሌ የትራንስፖርት፣ እስከተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ ይሆናል። የጋሼ ሁለት አበሎች ግን ሁለቱም ግብር ይከፈልባቸዋል።

ስለዚህ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግብር ተመን ስሌቱ እንዲህ ነው። ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው ጠቅላላ ገቢው በ35 በመቶ ይባዛና 2,050 ብር ይቀነስለታል። የ27,000 ብር ግብር 7,400 ብር ነው። ጡረታ የ14,000 ብር 7 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር። እጅ የሚገባው 18,620 ብር።

እዚህ ላይ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ማስያ ወረቀት 18,963 ብር ነበር የሚለው። የ343 ብር ልዩነት አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገርኩም፤ በየቦታው የማየው ስህተት ነው። ማስያውን የሠራው ሰው ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ ግብሩን በቀሪው ላይ አስልቷል። የ980 ብር 35 በመቶ ድፍን 343 ብር ነው። በእኛ አገር ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ግብር አይቀንስለትም። ግብሩ ከሙሉው ገቢ ላይ ይታሰባል፣ ጡረታውም ለብቻው ይቆረጣል። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ግን የሠራተኛው ገቢ ሆኖ ግብር አይጣልበትም። ከግብር ነፃ የሚሆነው አሠሪው ለጡረታና ፕሮቪደንት ፈንድ ለሚባለው የሠራተኞች ቁጠባ የሚያዋጣው በድምሩ ከወር ደመወዙ 15 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ነው።

ሰኞ ያንን ማስያ አምነው ቢፈርሙ ኖሮ የመጀመሪያው ወር ላይ ጭቅጭቅ መነሳቱ አይቀርም ነበር።

ችግሩ የት ላይ ነው?

343 ብሩ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው በ60 ዓመት የሚመጣው ነው።

የጡረታ አበል የሚሰላው ከመዋጮው ድምር አይደለም። ብዙ ሰው በስሙ የተጠራቀመ ሂሳብ ያለ ይመስለዋል፤ ጋሼም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። ገንዘቡ የሚገባው የጋራ ፈንድ ውስጥ ነው። አበሉን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአገልግሎት ዘመንና ከሥራ ከመሰናበት በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት የተከፈለው አማካይ ደመወዝ። አሥር ዓመት ያገለገለ ከአማካዩ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ60 ዓመቱ አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው ግን የዕድሜ ልክ አበል ሳይሆን የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው የሚያገኘው።

ጋሼ እስከ 60 ዓመታቸው ከሠሩ አገልግሎታቸው 26 ዓመት ይሆናል። ለመጀመሪያው አሥር 30 በመቶ። ለቀሪው 16 ዓመት 20 በመቶ። ድምሩ 50 በመቶ፤ የደመወዛቸው ግማሽ ማለት ነው።

እንግዲህ የመጨረሻው ሦስት ዓመት ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው አዲሱ ሥራ ላይ ነው። ደመወዙ ሳይጨምር በ14,000 ቢቆይ ጡረታቸው 7,000 ብር ይሆናል። በድሮው 12,000 ብር ቢቀጥሉ ኖሮስ? 6,000 ብር። እጅ የሚገባው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ጡረታው የሚያድገው በ1,000 ብር ብቻ ነው።

ይህን በእርሳስ በደብዳቤው ጀርባ ላይ ስጽፍላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። «27,000 ደመወዝ ያለው ሰው 7,000 ጡረታ?» አሉ። አዎ። ለጡረታ ሲባል 27,000 የሚባል ደመወዝ የለም። ያለው 14,000 ነው።

ነገሩ ለእሳቸው ብቻም አይደለም። ጡረተኛው ቢሞት የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የአበሉን ግማሽ ነው። የ7,000 ግማሽ 3,500 ብር ነው። ያንን ስልክ ላይ እልል ላሉት እትዬ ማን ይነግራቸዋል?

የመጀመሪያው ሙከራ

ቁጥሩን ገልብጠን ከአሠሪው በኩል አየነው። ድርጅቱ ጋሼን ለማሠራት በወር የሚያወጣው 27,000 አይደለም። በ14,000 ላይ 11 በመቶ፣ 1,540 ብር ይጨምራል። ጠቅላላ ወጪው 28,540 ብር ነው። ለእኔ ትክክለኛው የክፍያ ቁጥር ይሄ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን አልተጻፈም።

ከዚህ ተነስተን ድርጅቱ ሳንቲም ሳይጨምር ሁሉም መሠረታዊ ቢሆን ስንት ይደርሳል ብለን ጠየቅን። 28,540 ለ1.11 ሲካፈል 25,700 አካባቢ ይመጣል። በዚያ ስሌት እጅ የሚገባው 16,956 ብር ነው፤ ከቀረበው በ1,664 ብር ያንሳል። ጡረታው ግን 12,850 ብር ይሆናል።

ጋሼ ወዲያው አልወደዱትም። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ናት፤ በየወሩ ገንዘብ ይላክላታል። 1,664 ብር ለእሳቸው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ የእሷ የወር ወጪ ትልቁ ክፍል ነው። እኔ ጡረታው ላይ ብቻ አተኩሬ ይህን ዘንግቼው ነበር። የዛሬ ብርና የነገ ብር እኩል አይደሉም፤ የገበያውን ሁኔታ ሁላችንም እያየን ነው። ጡረታ ላይ አንዳንዴ ማስተካከያ ይደረጋል፣ ግን በየወሩ ከጤፍ ዋጋ ጋር አብሮ አይሄድም። ይህን ሁሉ ተነጋግረን «እንጠይቃቸው፣ የሚሉትን እንስማ» ላይ ደረስን።

ሰኞ ከመፈረም ይልቅ ለሰው ኃይል ክፍሉ አንድ ገጽ ማመልከቻ አስገቡ። መልሱ አይሆንም ነበር። ሁለት ምክንያት ሰጧቸው።

አንደኛው የደመወዝ ስኬል ነው። በእሳቸው ደረጃ መሠረታዊ ደመወዝ ከ20,000 ብር አያልፍም። 25,700 ቢሰጣቸው ከቅርብ አለቃቸው ሊበልጡ ነው። ሁለተኛው እኔ ያላየሁት ነበር። ድርጅቱ በዓመት አንድ ጊዜ የአንድ ወር መሠረታዊ ደመወዝ ቦነስ ይከፍላል። ትርፍ ሰዓትም የሚታሰበው ከመሠረታዊው ነው። ስለዚህ «ወጪው እኩል ነው» ብዬ የጻፍኩት ትክክል አልነበረም። መሠረታዊው ሲያድግ አብሮት የሚያድገው 11 በመቶው ብቻ አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጋሼንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ውድቅ የሆነበት ግማሽ ምክንያት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ

በሁለተኛው ዙር ስኬሉን አከበርን። መሠረታዊውን ጣሪያው ላይ፣ 20,000 አደረግነው። የመሠረታዊው ጭማሪ 6,000 ብር በመሆኑ ቦነሱ በዓመት 6,000 ብር ይጨምራል፤ ለወር 500 ብር ማለት ነው። እሱን ከአበሉ ቀነስነው። አበሉ በድምሩ 5,800 ብር ሆነ። ደመወዝ፣ አበል፣ 11 በመቶና ቦነስ ሲደመር ድርጅቱ በወር የሚያወጣው ከመጀመሪያው ሐሳቡ በ40 ብር ያህል ያንሳል።

ይህን በአጭር ሠንጠረዥ አስገቡ። በአራተኛው ቀን ተፈቀደ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ጋሼ፣ እንደዚህ አስልቶ የመጣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» እንዳለቻቸው ነግረውኛል።

ውጤቱ ይህን ይመስላል። ጠቅላላው 25,800 ብር ነው። ግብሩ 6,980፣ ጡረታው 1,400 ብር። እጅ የሚገባው 17,420 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በ1,200 ብር ያንሳል። ጡረታው ግን ከ7,000 ወደ 10,000 ብር ከፍ ይላል።

1,200 ብር በአራት ዓመት፣ በ48 ወር፣ 57,600 ብር ነው። በጡረታ ላይ በየወሩ የሚጨመረው 3,000 ብር ይህን የሚመልሰው ከ19 ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ነው። የቦነሱ ጭማሪ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በሙሉ ትርፍ ነው። የዋጋ ንረትን በዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባሁም፤ ሲገባ 19 ወሩ ይረዝማል። ቢረዝምም ውሳኔውን የሚቀይር አልመሰለኝም፣ ለጋሼም አልመሰላቸውም። ለልጃቸው የሚላከውን እንዴት እንደሚያብቃቁት ከእትዬ ጋር ተነጋግረው ነው የፈረሙት።

ያልተሳካው

ፌስታሉ ውስጥ የነበሩትን የደመወዝ ወረቀቶች ስናገላብጥ ሌላ ነገር ወጣ። ከግል ድርጅት ዘመናቸው ውስጥ ስምንት ወር ጡረታ ተቆርጦባቸዋል፤ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ሄደው ሲያጣሩ ግን የእነዚያ ወራት መዋጮ ገቢ ስለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም። ያ አሠሪ ቆርጦ አላስገባም ማለት ነው። ድርጅቱም ሥራ አቁሟል።

ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አስገብተዋል፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን ኮፒ አያይዘዋል። እስካሁን አልተቋጨም። ስምንት ወር ከመቶኛው ላይ ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው የሚነካው፤ ግን የሠሩበት፣ ከኪሳቸውም የተቆረጠበት ጊዜ ነው። ነገሩ በጊዜው፣ ድርጅቱ በሩ ክፍት እያለ ቢታይ ኖሮ በአንድ ደብዳቤ ያልቅ ነበር። እኔን ከምንም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። አሥራ አንዱን በመቶ አለመክፈል አንድ ነገር ነው። ከሠራተኛው የተቆረጠውን ሰባት በመቶ ይዞ መቅረት ግን የሰው ገንዘብ መውሰድ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አሥር ዓመት ግን ችግር አልነበረበትም። የመንግሥት አገልግሎት ከግሉ ጋር ይደመራል፤ የአገልግሎት ማስረጃው በጋሼ እጅ ስለነበር ፋይላቸው ላይ ተያይዟል።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

የጋሼ ስሌት ለሁሉም አይሠራም። እሳቸው 56 ዓመታቸው ስለሆነ የዛሬው መሠረታዊ ደመወዝ በቀጥታ ጡረታቸው ውስጥ ይገባል። የ28 ዓመት ልጅ ብትሆን ዛሬ 14,000 ሆነ 20,000 የ60 ዓመቷን አበል በቀጥታ አይወስነውም፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሦስት ዓመት ነውና። ለእሷ መሠረታዊ ደመወዝ የሚጠቅማት በሌላ በኩል ነው። የዓመት ጭማሪ፣ ቦነስና ትርፍ ሰዓት ከእሱ ነው የሚሰላው። በሥራ ላይ እያለች ጉዳት ቢደርስባት ወይም ብትሞት ለእሷም ሆነ ለቤተሰቧ የሚታሰበው ያኔ ካላት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መሠረታዊው ላይ ጠንክሮ ይደራደር፤ ወጣቱ ደግሞ ኪሱንም ቢያይ አልፈርድበትም።

ሁለት የሥራ ዕድል የሚያነጻጽር ሰው ጠቅላላውን ከጠቅላላው ጋር አያነጻጽር። መሠረታዊውን ለይቶ 11 በመቶውን ይጨምርበት፣ ከዚያ አበሉን ይደምር። ቦነስ ካለ ከምን እንደሚሰላ ይጠይቅ። ድርድር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የአሠሪውን ወጪ ሙሉውን አስልቶ ይሂድ። እኔ ቦነሱን ረስቼ አንድ ዙር አቃጥያለሁ።

የመጨረሻው ነገር ከፊርማ በኋላ ነው። ጋሼ በመጀመሪያው ወር የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። የጡረታ ተቀናሽ በሚለው መስመር ላይ 980 ብር ይላል። ለማጣራት ፔይሮሉን ማየት አያስፈልግም፦ 980 ለ7 ሲካፈል 140፣ በ100 ሲባዛ 14,000። ደብዳቤው ተቀይሯል፣ ፔይሮሉ ላይ ግን ለጡረታ የሚታሰበው የድሮው ቁጥር ቀርቷል። እጃቸው የገባው ገንዘብ ከተባለው በ420 ብር ስለበለጠ ብዙ ሰው ዝም ሊል ይችላል። እሳቸው ግን በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ሂሳብ ክፍል ሄዱ። በሁለተኛው ወር 1,400 ከነመጀመሪያው ወር ልዩነት 420 ተቆርጦ መጣ። አሁን በየወሩ ወረቀቱ እንደደረሳቸው በር ላይ ቆመው ያቺን አንድ መስመር ለ7 ያካፍላሉ፣ ከዚያ ላስቲኩን ፈትተው ከሌሎቹ ጋር ያስሩታል።